ታይፕ ዋን፣ ታይፕ ቱ፣ ፓወር፦ ጠይቁኝ

የመድኃኒት ሙከራ ስታቲስቲክስ ላይ ነው የምሠራው። ማታ ድረስ እመልሳለሁ።

ሰላም፦ ሁለቱ ኤረሮች ሁሌ ይምታቱብኛል። በምሳሌ ታስረዳን?

መልስ፦ የማይሠራውን መድኃኒት ‘ይሠራል’ ካልን ታይፕ ዋን ነው። የሚሠራው ካመለጠን ታይፕ ቱ። ለሁለተኛው ስትሬፕቶካይኔዝን እንይ፤ ሃርት አታክ የያዘው ሰው ልብ ውስጥ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የጣሊያኑ ጂሲ ሙከራ 11,806 ሕመምተኞች ነበሩት። በ21 ቀን ውስጥ መድኃኒቱን ካላገኙት 13 ከመቶ፣ ካገኙት 10.7 ከመቶ ሞቱ። ከመቶ ሰው ሁለት መትረፉ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ለማየት ብዙ ሰው ይጠይቃል። ያው መድኃኒት በ100 እና በ100 ሰው ቢሞከር ፓወሩ፣ ያለውን ልዩነት የማየት ዕድሉ፣ 8 ከመቶ ገደማ ነው። ማለትም ሙከራው መቶ ጊዜ ቢደገም 92 ጊዜ ያህል ‘ልዩነት አልታየም’ ይላል፣ መድኃኒቱ ሰው እያዳነ! 80 ከመቶ ፓወር ለማግኘት በእያንዳንዱ ወገን ወደ 3,100 ሰው ያስፈልጋል። ‘አልታየም’ እና ‘የለም’ አንድ አይደሉም።

ቢኒ፦ ፒ ቫልዩ ከ0.05 በታች ከሆነ መድኃኒቱ የመሥራት ዕድሉ 95 ከመቶ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ፒ ቫልዩ መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ነው። 0.05 ደግሞ ከሙከራው በፊት የምንቆርጠው ገደብ ነው፤ መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ እንኳ በአጋጣሚ ‘ሠራ’ ለማለት የምንፈቅደው ዕድል።

ቢኒ፦ ታዲያ ለምን 0.01 አናደርገውም? ስህተት ይቀንሳል።

ሐና፦ ታይፕ ዋን ይቀንሳል፣ ታይፕ ቱ ይጨምራላ!

መልስ፦ ሐና ልክ ናት። በዚያው 3,100 ሰው ፓወሩ ከ80 ወደ 59 ይወርዳል።

ጌታቸው፦ ፓወሩ የሚጨምረው ዶዙ ሲበዛ ነው?

መልስ፦ የሙከራው አቅም እንጂ የመድኃኒቱ ጉልበት አይደለም።

ሜሮን፦ ለማስተርሴ በ40 ሕመምተኛ ሠርቼ ፒ 0.3 ሆነ። ‘መድኃኒቱ አይሠራም’ ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አትጻፊ። ከላይ ብያለሁ፤ ‘አልታየም’ እና ‘የለም’ አንድ አይደሉም። የልዩነቱን ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፣ ከዳታሽ ጋር የሚስማሙትን የልዩነት መጠኖች ከታች እስከ ላይ፣ አስቀምጪ፤ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አንባቢ ይየው።

ሜሮን፦ በዕድሜና በጾታ ከፋፍዬ ብፈልግስ?

መልስ፦ ይህ ነው ታይፕ ዋን የሚያመርተው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው አይሲስ ቱ የተባለው የሃርት አታክ ሙከራ 17,187 ሰው ነበረው፤ አስፕሪን በግልጽ ሕይወት አድኗል። ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ሕመምተኞቹን በኮከብ ሲከፋፍሉ ግን ጀሚኒና ሊብራ ለሆኑት የማይጠቅም መሰለ። ሃያ ቦታ ብትከፋፍዪ አንዱ በአጋጣሚ ሊወጣልሽ ይችላል።

ሐና፦ ለሚገድል በሽታ ግን ታይፕ ቱ ነው የሚብሰው።

ዶክተር ነኝ፦ ስትሬፕቶካይኔዝ ደም ያፈሳል፣ ጭንቅላት ውስጥም ጭምር። ባይሠራ ኖሮ በከንቱ እንጎዳ ነበር።

ሐና፦ ቢሆንም፣ በሽተኛው እየሞተ 0.05 ላይ ሙጭጭ ማለት አይዋጥልኝም።

ሰናይ፦ ሳምፕል ሳይዝ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ለምን ጥያቄ? ምን ያህል ልዩነት ለማየት? ያለ መድኃኒቱ ከመቶ ስንቱ ይሞታል? እነዚህን ይዘህ ና።