የእንግዳውን ረጅም የሕይወት ታሪክ ከቪዲዮ መግለጫ ላይ ስለማሳጠር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንግዳችን የኩላሊት ሐኪም ናቸው። የላኩልን የሕይወት ታሪክ ሁለት ገጽ ተኩል ሲሆን እንዳለ ከቪዲዮው ሥር አስገብተነዋል። ምኑ ይቆይ፣ ምኑ ይውጣ?

መልስ፦ ጽሑፉን በሁለት ጥያቄ አበጥሩት። ይህንን ነገር ሰው በዩቲዩብ መፈለጊያ ላይ ይጽፈዋል ወይ? በቃለ መጠይቁ ውስጥስ ተነሥቷል ወይ? ከሁለቱ አንዱን እንኳን ያላለፈ ዓረፍተ ነገር፣ የቱንም ያህል የሚያኮራ ቢሆን፣ ከመግለጫው ይውጣ።

እኔም አንድ ጊዜ ከእናንተው ጋር የሚመሳሰል ጽሑፍ ደርሶኝ ነበር። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦

«ዶክተር እገሌ በ1962 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ከተማ ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ።»

ከዚያ ዲግሪዎቹ በየዓመተ ምሕረታቸው፣ ቀጥሎ የተሳተፉባቸው ጉባኤዎች፣ የሙያ ማኅበራት አባልነት፣ በመጨረሻም «ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት» ይላል። «ኩላሊት» የሚለው ቃል የመጣው በዘጠነኛው መስመር ላይ ነው። መግለጫው በስልክ ላይ ሲታይ ደግሞ ተመልካቹ ካልከፈተው በቀር የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃላት ነው። እናቷ እጥበት ልትጀምር ነው የተባለች ልጅ ሌሊት ስትፈልግ የምታገኘው የሐኪሙን የትውልድ ዘመን ይሆናል ማለት ነው።

አጀማመሩን በዚህ ተካሁት፦

«ዶክተር እገሌ የኩላሊት ሐኪም ናቸው። የኩላሊት እጥበት መቼ እንደሚጀመር፣ ስኳርና ደም ግፊት ኩላሊትን እንዴት እንደሚጎዱ፣ ንቅለ ተከላ ለማን እንደሚሆን ያስረዳሉ።»

ከዚህ ሥር የቪዲዮው ክፍሎች ከነደቂቃቸው ይከተላሉ፤ ስለ እንግዳው የሚናገረው አጭር አንቀጽ ከእነሱ በኋላ ይመጣል፦

«ዶክተር እገሌ የውስጥ ደዌና የኩላሊት ስፔሻሊስት፣ ማለትም ኔፍሮሎጂስት ናቸው። በኩላሊት እጥበት ክፍል ለ14 ዓመታት ሠርተዋል። በአዲስ አበባ ያክማሉ፤ የሕክምና ተማሪዎችንም ያስተምራሉ።»

«ኔፍሮሎጂስት» የሚለው ወደ ታች የወረደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪሙ ራሳቸውን የሚጠሩት በዚያ ስም ነው፤ ሕመምተኛው ግን የሚጽፈው «የኩላሊት ሐኪም» ብሎ ነው። ሙያውን በፈላጊው ቃል ጀምሩ፤ የባለሙያው ቃል አንድ ጊዜ ከታች ቢገኝ ይበቃል። አዲስ አበባ የቀረው ሰው ሐኪም ሲፈልግ ከተማውን አብሮ ስለሚጽፍ ነው። 14 ዓመቱ የቆየው በንግግራቸው መካከል በዚያ ዘመን ምን እንደተለወጠ ስለሚያነጻጽሩ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ግን ለምን ወጣ? እኔ የዚያ ሰው ነኝ። የአገራችንን ልጅ በከተማችን ስም የምንፈልግ ብዙ ነን።

መልስ፦ አልወጣም፤ ቦታውን ነው የለወጥኩት። ቃለ መጠይቁን እስከ መጨረሻው ሳዳምጥ፣ ሐኪሙ ደብረ ማርቆስ ላይ እጥበት ሳያገኙ ስላረፉ አጎታቸው ሲናገሩ ሰማሁ። ሙያውን የመረጡት በዚያ የተነሣ ነው። በሕይወት ታሪኩ ላይ ይህ ጨርሶ አልተጻፈም፤ የከተማዋ ስም ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ከተማዋን ወደ ክፍሎቹ ዝርዝር ወሰድኳት፦

```
00:00 መግቢያ
02:15 ኩላሊት ሲደክም የሚታዩ ምልክቶች
09:30 እጥበት መቼ ይጀመራል?
18:40 ደብረ ማርቆስ፣ የአጎቴ ሞት
27:05 ንቅለ ተከላ ለማን ይሆናል?
```

አሁን «ደብረ ማርቆስ» የሚለውን ያየ ሰው ሲነካው በቀጥታ ወደ ታሪኩ ይገባል። ዝርዝሩ በዩቲዩብ ላይ ክፍል ሆኖ እንዲታይ ከ00:00 መጀመር፣ ቢያንስ ሦስት መስመር መያዝና በጊዜ ቅደም ተከተል መሄድ አለበት፤ እያንዳንዱም ክፍል ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ደቂቃዎቹ ቢነኩም ቪዲዮው በክፍል አይከፋፈልም፤ ብልሽቱ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የሕይወት ታሪኩን አሳጥሬ በምትኩ ከታች የእንግዳውን ስም በሃያ ዓይነት አጻጻፍ ደርድሬዋለሁ። ሰው በተሳሳተ ፊደል ስለሚፈልግ ይጠቅማል። ትክክል አይደለሁም?

መልስ፦ ምክንያትዎ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን አይደለም። የእኛ ፊደል ለፈላጊ ሰው ፈተና መሆኑ እውነት ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የሚፈልግ ሰው «ኃይሌ»፣ «ሀይሌ»፣ «ሃይሌ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ «ሥላሴ» እና «ስላሴ»ም እንዲሁ። በላቲን ሲጻፍም Gebrselassie እና Gebreselassie ሁለቱም ይገኛሉ። ይሁን እንጂ በመግለጫው ውስጥ ቃላትን እንዲህ መደርደር የዩቲዩብን ደንብ ይጥሳል፤ ቪዲዮውን ሊያስወርድ ይችላል። ለተለያየ አጻጻፍ የተዘጋጀው ቦታ Tags የሚለው ሳጥን ነው። ዩቲዩብ ራሱ ያ ሳጥን ለፍለጋ ያለው ድርሻ አነስተኛ እንደሆነና በተለይ የሚረዳው ብዙ ጊዜ በስሕተት ለሚጻፉ ቃላት እንደሆነ ይናገራል። እርስዎ የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው።

በመግለጫው ላይ ስሙ አንድ ጊዜ በትክክለኛው የአማርኛ አጻጻፍ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንግዳው ራሱ በሚጽፍበት የላቲን አጻጻፍ ይግባ። የላቲኑን ከራስዎ አይፍጠሩ፤ እንግዳውን ይጠይቁ።

አስተያየት፦ እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ሆኜ ነው ቃለ መጠይቅ የምሠራው። ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይጽፉም። ሙሉውን የሕይወት ታሪክ በእንግሊዝኛ ተርጉሜ ከአማርኛው ሥር ሳስቀምጠው ግን መግለጫው መጽሐፍ ሆነብኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሙሉውን መተርጎም አያስፈልግሽም። ስሙ፣ ሙያውና የንግግሩ ጉዳይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል። ከዚያ ማለፍ ከፈለግሽ፣ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ርእሱንና መግለጫውን በሌላ ቋንቋ ለብቻው የምታስገቢበት ቦታ አለ። በእንግሊዝኛ የሚጠቀም ተመልካች ያኛውን ያያል፤ አማርኛው ላይ የሚደራረብ ነገር አይኖርም።

ጥያቄ፦ እኔም ማሳጠሩ ላይ እርዳታ እፈልጋለሁ። አቅራቢያችን የእንግዳውን ታሪክ ለአራት ደቂቃ ያነብባል። የት ላይ ልቁረጠው?

መልስ፦ የእርስዎ ጥያቄ ስለ ቪዲዮው ራሱ ነው፤ እዚህ የያዝነው ከሥሩ የሚጻፈውን ነው። ቢሆንም በእነዚያው ሁለት ጥያቄዎች አበጥሩት። አቅራቢው ካነበበው ውስጥ እንግዳው ኋላ ራሱ የሚናገረውን ሁሉ ማውጣት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ቪዲዮዎቻችንን የምንጭነው አንድ ወንድማችን በሠራው ፕሮግራም ነው። መግለጫው 2,000 ፊደል እንኳን ሳይሞላ `invalidDescription` ብሎ ይመልሰዋል። የተፈቀደው 5,000 አይደለም እንዴ?

መልስ፦ በፕሮግራም በኩል ሲጫን ገደቡ 5,000 ባይት ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ ያላችሁ ቦታ 1,660 ፊደል ገደማ ነው፤ የእንግዳው ታሪክ ብቻውን ሊሞላው ይችላል። ርዝመቱ ልክ ሆኖም ካልተቀበለ < እና > የሚሉትን ምልክቶች ፈልጉ። እነዚህን መግለጫው አይቀበልም። ከኢሜይል በተቀዳ የሕይወት ታሪክ ውስጥ፣ በኢሜይል አድራሻው ግራና ቀኝ ተለጥፈው ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ አንድ የተከበሩ መምህር ታሪካቸውን ስናሳጥረው ቅር ተሰኙ። «ማዕረጌን ቆረጣችሁት» አሉን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቅሬታቸው ተገቢ ነው፤ ይህን ነገር በቀላሉ አላየውም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የአርባ ዓመት ድካም የተከተተበት ነው። እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። መጀመሪያ፣ ማዕረግ አልነካም። «ፕሮፌሰር» ወይም «መምህር» የሚለው ከስም ጋር ይቆያል፤ ፈላጊውም አብሮ ይጽፈዋል። ቀጥሎ፣ ያሳጠርኩትን ከመለጠፌ በፊት እልክላቸውና ሙሉው ታሪክ የት እንደሚቀመጥ አብሬ እነግራቸዋለሁ። ድረ ገጽ ካላችሁ እዚያ አስቀምጡና አድራሻውን ከአጭሩ አንቀጽ ሥር አድርጉት፤ ከሌላችሁ ከላይ በሚሰካ አስተያየት ላይ ይግባ። ከላይ ያልኳቸው ሐኪም አጭሩን አንብበው ያረሙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ያስተምራሉ» የሚለው ላይ «አሁንም» ጨምሩበት አሉኝ። ጨመርኩ።

ጥያቄ፦ እንግዳችን ቀድሞ ሚኒስትር ነበሩ፤ አሁን ገበሬ ናቸው፤ የተነጋገርነውም ስለ ቡና እርሻ ብቻ ነው። ሚኒስትርነታቸው ይግባ?

መልስ፦ ሰዎች በስማቸው ሲፈልጓቸው ከሹመቱ ጋር አያይዘው መጻፋቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ከታች ባለው አንቀጽ «የቀድሞ» ተብሎ ከነዘመኑ ይግባ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን የቡናው ነው።

አስተያየት፦ በዚህ አልስማማም። እኔ እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ ሹመቱን ከላይ አስቀድማለሁ። ሰው የሚከፍተው ለዚያ ነው።

መልስ፦ ከፍቶ ስለ ሥልጣን ዘመናቸው አንዲት ቃል ካልሰማ በሦስተኛው ደቂቃ ይወጣል ብዬ እሰጋለሁ። ግን የእርስዎን ተመልካች የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ስቱዲዮው ውስጥ Analytics ከፍተው፣ ተመልካች ከየት እንደመጣ ከሚያሳየው ክፍል YouTube search የሚለውን ይንኩ። ሰዎች ምን ቃል ጽፈው እንደመጡ ይዘረዝርልዎታል። «የቀድሞ ሚኒስትር» ከ«ቡና» በላይ ሆኖ ካገኙትና እነዚያ ሰዎች ቆይተው የሚያዩ ከሆነ፣ የእርስዎ አሠራር ለእርስዎ ቻናል ይሻላል። ውጤቱን ቢነግሩን ደስ ይለኛል።