መስሚያና ስልክ፦ ጥያቄያችሁን አምጡ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። መስማት ስለሚያስቸግረኝ በሁለቱም ጆሮዬ መስሚያ ማድረግ ከጀመርኩ 6 ዓመት አልፎኛል። እንጀራዬ ደግሞ ስልክ ጥገና ስለሆነ የሰፈሩ ሰው መስሚያውን ይዞ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። የጆሮውን ነገር ለሐኪም ትቼ የስልኩን እመልሳለሁ።

የአባዶዋ ልጅ፦ «ወንድሜ ከአሜሪካ ለእማዬ መስሚያ ላከላት። አፑ ተገናኝቷል ይላል፣ ድምፁንም ከስልኩ እጨምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ሲደወልላት ግን የሚሰማው ከስልኩ ነው። ተበላሽቶ ይሆን?»

አልተበላሸም። አፑ ወደ መስሚያው የሚልከው «ጨምር፣ ቀንስ» የሚል ትንሽ ትእዛዝ ነው፣ ያ በአብዛኛው ስልክ ይሠራል። የጥሪ ድምፅ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፣ እና የእናትሽ ስልክ ያ መንገድ ላይኖረው ይችላል። ኢርበድ ከየትኛውም ስልክ ጋር የሚግባባው ሁሉም ስልክ በሚያውቀው በተለመደው ብሉቱዝ ስለሚሠራ ነው። መስሚያ ሽምብራ በምታክል ባትሪ ቀኑን ሙሉ መቆየት አለበት። ስለዚህ አብዛኞቹ አምራቾች ባትሪ የሚቆጥብ ሌላ ዘዴ መረጡ፣ አንዱ ለአይፎን፣ አንዱ ASHA የሚባለው ለአንድሮይድ። የአንድሮይዱ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ አለ፣ ግን ስልኩን የሠራው ድርጅት ካላስገባው የለም፤ ርካሽ ስልኮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እሱ ነው። እንደ ኢርበድ በተለመደው ብሉቱዝ የሚሠሩ መስሚያዎችም አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ከብሉቱዝ ዝርዝሩ ላይ Forget በይውና አፑን ዝጊው። የሁለቱንም የባትሪ በር ከፍተሽ ዝጊ። ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ ሣጥኑ ውስጥ ከተሽ አውጪው። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ አዲስ ስልክ የሚቀበሉት ለ3 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ ቶሎ በይ። አፑን ሳትነኪ `Settings > Connected devices > Pair new device` ግቢ። ግራና ቀኙ ለየብቻ ከመጡ ሁለቱንም አገናኚ። ከዚያ ደውዪላትና ጥሪው ላይ ሆነሽ የስፒከሩን ምልክት ንኪ። የመስሚያው ስም ከተዘረዘረ መንገዱ አለ ማለት ነው። Phone እና Speaker ብቻ ካለ ስልኩ አያውቀውም፣ እሱን ደግሞ እኔም አልጠግነውም።

የአባዶዋ ልጅ፦ «Phone እና Speaker ብቻ ነው። ወንድሜ ትቶት የሄደ አሮጌ አይፎን አለ።»

ሞክሪው። ግን ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ብሉቱዝ ገጽ ውስጥ አትፈልጊው። `Settings > Accessibility > Hearing Devices` ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ መስሚያው ለእናትሽ ጆሮ ተለክቶ ነው የተስተካከለው ወይስ የሌላ ሰው ነበር? በስልክ የሚመጣውም ድምፅ በዚያው ልክ ተስተካክሎ ነው የሚገባው። የሌላ ሰው ልክ ከሆነ ስልኩ ተገናኝቶም ንግግሩ አይለይላትም። ያን የሚያስተካክለው የጆሮ ምርመራ ውጤቷን ይዞ በኮምፒውተር የሚሠራ ባለሙያ ነው።

የአባዶዋ ልጅ፦ «የወንድሜ ሚስት አባት መስሚያ ነበር 😬 አይፎኑ ላይ ግን ሠራ! "ድምፅሽ ቀረበኝ፣ ቃሉ ግን ይደባለቅብኛል" አለች።»

በይ እንግዲህ፣ ስልኩ ድርሻውን ተወጥቷል። የቀረው የባለሙያው ነው።

ሱቅ ያለው፦ «ምን አስጨነቃችሁ፣ ኤርፖድ ግዙላት። አሁን መስሚያም ሆኗል።»

ግማሹ እውነት ነው። ኤርፖድ ፕሮ 2 በ2024 አሜሪካ ውስጥ እንደ መስሚያ ተፈቅዷል፣ ግን 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነና ችግሩ ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰው ነው። ለማስተካከል አይፎን ወይም አይፓድ ይጠይቃል፣ በሁሉም አገርም አልተከፈተም። ባትሪው ደግሞ 6 ሰዓት ገደማ ነው፣ ጠዋት ቤተክርስቲያን ስማ ማታ ደግሞ ከጎረቤት ቡና ጠጣ ብትል አይበቃም። (አንተ ሱቅ «ኤርፖድ» የሚባለው ሁሉም ኤርፖድ አይደለም፣ እሱንም እናውቃለን።)

ገላን፦ «በመስሚያው ዘፈን ስከፍት ከበሮው የለም፣ ቀጭን ነው። ከኢርበዴ ጋር አይወዳደርም።»

ጫፉ ላይ ያለችው ጎማ ቀዳዳ አላት አይደል? ኢርበድ ጆሮን ይደፍናል፣ ወፍራሙ ድምፅ ውስጥ ይቀራል። ያንተ ጎማ ክፍት ስለሆነች በቀዳዳው ያመልጣል። ዘፈኑ እየተጫወተ የጆሮህን ቀዳዳ በጣትህ ቀስ ብለህ ሸፍነው። ከበሮው ከተመለሰ ምክንያቱ እሱ ነው። የተደፈነ ጎማ ይኖራል፣ ግን ያኔ የራስህ ድምፅ በርሜል ውስጥ እንደምታወራ ይሆንብሃል፣ ስታኝክም ይንኮሻኮሻል። እኔ ሞክሬው በሁለተኛው ቀን ክፍቱን መልሼ አደረግኩ። ታክሲ ውስጥ ስልክ እያወራሁም «ወራጅ አለ» የሚለውን መስማት እፈልጋለሁ።

ስሜን አልናገርም፦ «እኔ በደንብ እሰማለሁ፣ የሚያወሩኝ ግን "ጉድጓድ ውስጥ ነህ እንዴ?" ይሉኛል።»

ስልኩ የት ነበር? ኪስህ ውስጥ ከሆነ እሱ ነው። ኢርበድ በራሱ ማይክ ድምፅህን ይልካል። ብዙ መስሚያ ግን ድምፅ ይቀበላል እንጂ ያንተን አይልክም፣ የሚሰማህ የስልኩ ማይክ ነው። ስለዚህ ስልኩን አፍህ አጠገብ ያዘው፣ ጆሮህ ላይ መለጠፍ አያስፈልግህም። ከአይፎን 11 ወዲህ ያሉት ከአንዳንድ አዳዲስ መስሚያዎች ጋር፣ እንዲሁም በተለመደው ብሉቱዝ የሚሠሩት፣ ድምፅህን በመስሚያው ማይክ ይወስዳሉ። የትኛው እንዳለህ ለማወቅ እያወራህ ስልኩን ክፍሉ ውስጥ ትተህ ኮሪደር ውጣ፣ ካልሰሙህ የሚሠራው የስልኩ ማይክ ነው።

ጋሽ፣ ከሰበታ፦ «የእኔ የድሮ ነው፣ ብሉቱዝ የለውም። ስልክ ሳስጠጋው ሲ....ይ ይልብኛል። መቀየር አለብኝ?»

ጋሼ፣ ለዚህ ብለው አይቀይሩት። ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ዓይነት ነው? ማይኩ ያለው ጆሮ ቀዳዳ ላይ ሳይሆን ከላይ፣ ከጆሮዎ ጫፍ ጀርባ ነው። ስልኩን ወደ ላይ ከፍ ያድርጉና የሚሰማበትን ጫፍ መስሚያው ላይ ያምጡት። ጆሮዎን አይድፈኑት፣ ትንሽ ክፍተት ይተዉ፣ የሚጮኸው ሲደፈን ነው። የማይመች ከሆነ ስፒከር አድርገው በእጅዎ ይያዙት።

ጋሽ፣ ከሰበታ፦ «ከፍ አድርጌ ሞከርኩት፣ ዝም አለ። ልጄ "ስልክ ራስ ላይ ነው እንዴ የሚደረገው" ብላ ሳቀች።»

ትሳቅ።

ከአያት ሰፈር፦ «መብራት በጠፋ ቁጥር ቻርጁ ያልቃል። ባትሪው የሚቀየረው ዓይነት ይሻላል?»

ለእኛ ሰፈር እኔ የባትሪውን ነው የምመርጠው። ግን ዘፈንና ጥሪ ሲበዛ ቶሎ ያልቃል። የባትሪውን ስቲከር ስትልጥ ባትሪው አየር መሳብ ስለሚጀምር ሳያስፈልግ አትላጠው፣ ከላጥከው በኋላ ደግሞ አንድ ደቂቃ ያህል አቆይተህ ክተተው።

ኮዬ ፈጬ፦ «ተራ ጥሪ መስሚያው ላይ ይመጣል። በቴሌግራም ሲደወል ግን አንዳንዴ ወደ ስልኩ ይሄዳል።»

እኔም አለብኝ። ጥሪው ላይ ስፒከሩን ነክቼ በእጄ እመርጣለሁ፣ በሚቀጥለው ጥሪ ይረሳዋል።

ገላን፦ «እኔ ስልኩን አፕዴት ሳደርግ ተወኝ።»

ከአያት ሰፈር፦ «የእኔ አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ነው የጀመረው 😅»