ከእራት በኋላ ያሉት ሃያ ደቂቃዎች
(በትምህርት ቤት መክፈቻ ቀን ለተሰበሰቡ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች)

ልጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ቤታችሁ ውስጥ «ሂድ አንብብ»፣ «ሂጂ አንብቢ» ስትባሉ አድጋችኋል። ወላጆቻችሁ እንዲህ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ «አጥኑ» ማለታቸው ነው። ደብተር ክፈቱ፣ ለፈተናው ተዘጋጁ ማለታቸው ነው። ዛሬ የማወራችሁ ንባብ ግን ጥናት አይደለም። ፈተና የለውም፣ የሚሸመደድ ነገር የለውም፣ ነጥብም አይሰጥበትም። ይህን በቅድሚያ የምለው በምክንያት ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ተማሪ ልብ ወለድ ሲያነብ ጊዜ ያባከነ ይመስለዋል፤ የፈተና ሰሞን ሲደርስም መጀመሪያ የሚተወው መጽሐፉን ነው።

የምጠይቃችሁ በቀን ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት አላልኩም። አንድ ሰዓት የሚያቅድ ተማሪ ሦስት ቀን ያነብና በአራተኛው ቀን እንግዳ ሲመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም እናቱ ሲልኩት ያቋርጣል፤ ከዚያ ወዲያ አይመለስበትም። ሃያ ደቂቃ ግን በማንኛውም ቤት፣ በማንኛውም ቀን ይገኛል።

ሰዓቱን በቁጥር አትያዙት። «ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አነባለሁ» ያለ ሰው ሰዓቱ ሲያልፍ ቀኑም ያለፈ ይመስለዋል። ይልቅ በየቀኑ ሳይቀር ከሚደረግ ነገር ጋር እሰሩት። የእራት ሳህን እንደተነሳ ለብዙዎቻችሁ ጥሩ ጊዜ ነው። የከሰዓት ፈረቃ የምትማሩ ደግሞ ጠዋት ቁርስ እንደበላችሁ፣ በቀን ብርሃን ብታነቡ ይሻላል። ሰፈራችሁ መብራት የሚመላለስበት ከሆነ እንደዚያው አድርጉ። አልጋ ላይ ተጋድሞ ማንበብን ግን አልመክርም። ሁለት ገጽ ሳይሞላ እንቅልፍ ይወስዳችኋል፤ በማግስቱ የት እንደደረሳችሁ አታስታውሱም፤ መጽሐፉም ሳታውቁት ይሰለቻችኋል። ስልካችሁ ደግሞ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ አጠገባችሁ እስካለ ድረስ እጅ ሳይታዘዝ ይሄዳል።

አሁን ወደ መጽሐፍ መረጣው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የምታነሱት መጽሐፍ የከበደ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ ይመስላችኋል፣ «እኔ አንባቢ አይደለሁም» ብላችሁም ትተዋላችሁ። ስለዚህ ከመዋሳችሁ በፊት መካከል ላይ አንድ ገጽ ገልጣችሁ አንብቡ። የማታውቁት ቃል ባጋጠማችሁ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ ያንን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው መልሱት፤ በሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃችኋል። አንድ ወይም ሁለት ጣት ከታጠፈ ግን ውሰዱት። የመጀመሪያው መጽሐፍ ከ250 ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

አንድ ምሳሌ ልቁጠርላችሁ። አንዲት ተማሪ 240 ገጽ ያለው ልብ ወለድ ተዋሰች እንበል። በመጀመሪያው ቀን ሳትቸኩል ለ10 ደቂቃ አንብባ የጨረሰችውን ስትቆጥር 6 ገጽ ሆነ። በሃያ ደቂቃ 12 ገጽ ማለት ነው። 240 ለ12 ሲካፈል 20 ቀን ይሆናል። መስከረም 15 ብትጀምር፣ አንድም ቀን ካላመለጣት ጥቅምት 4 ትጨርሳለች፤ አምስት ቀን ቢያመልጣት ደግሞ ጥቅምት 9። ከመስከረም 15 እስከ ሰኔ 30 ድረስ 286 ቀን አለ። ለፈተና፣ ለበዓልና ለሕመም 46 ቀን ቀንሱለት፤ 240 ቀን ይቀራል። ሒሳቡን ስትጨርሱት እንዲህ ያሉ 12 መጻሕፍት ይሆናሉ። የእናንተ ፍጥነት 3 ገጽ በ10 ደቂቃ ቢሆን 6 መጻሕፍት ነው፤ እሱም ቢሆን በጣም ብዙ ነው።

ስለ ፍጥነት ካነሳሁ አማርኛችን የሚፈልገውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊደላችን ቃሉ ይጥበቅ ይላላ አይነግረንም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ገና አልመጣም የምንለው ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ዓይኑን ወደፊት የሚልክ፣ ዓረፍተ ነገሩን ቀድሞ የሚያይ አንባቢ ነው። በዚያ ላይ ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ አራት ነጥቡ ድረስ ሐሳቡን ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። ቃል በቃል በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ ተማሪ መሃል ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ይህን ችሎታ ደንብ በማስተማር መስጠት አይቻልም። ገጽ በገጽ፣ በብዛት ከማንበብ ብቻ ይመጣል። ዘንድሮ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለምትማሩ ከሁለተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድን ለአጫጭር የእንግሊዝኛ ታሪኮች ስጡ። ፍጥነታችሁ በሦስት እጅ ቢቀንስ አትደንግጡ። የጣት ፈተናው እዚያም ይሠራል።

ከደብተራችሁ አንድ ወረቀት አውጡና በቁመቱ ለአራት ቅደዱት። አንዱ ቁራጭ ዕልባታችሁ ነው። በየቀኑ ስትጨርሱ አንድ መስመር ጻፉበት፦ ቀኑን፣ ከገጽ ስንት እስከ ስንት እንዳነበባችሁ፣ እንዲሁም አንድ ያልገባችሁን ቃል። ለምሳሌ «መስከረም 17፤ ከ25 እስከ 36፤ ‹ውርጅብኝ›»። የተዋሳችሁትን መጽሐፍ በእስክሪብቶ አታስምሩበት፤ ከእናንተ በኋላ የሚያነብ ሌላ ልጅ አለ። እያነበባችሁም ለእያንዳንዱ ቃል ብላችሁ መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። ታሪኩ ይቆረጥባችኋል። ብዙው ቃል ሦስት ገጽ ሳይሄድ ራሱ ይገባችኋል፤ የቀረውን ቅዳሜ ፈልጉት።

ቁራጩ ሌላም ነገር ያሳያችኋል። ቀኖቹ ከተዘለሉ ወዲያው ይታያል። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ በማግስቱ ያው ሃያ ደቂቃ አንብቡ። «የትናንቱን ጨምሬ አርባ ደቂቃ አነባለሁ» አትበሉ። አርባው ይከብዳል፣ ስለከበደ ይተላለፋል፣ በሦስተኛው ቀን ዕዳው ስልሳ ይሆናል። ንባብ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለው ዕዳ ነው። ያለፈውን ማሩትና ቀጥሉ። ሁለት ቀን በተከታታይ እንዳያልፋችሁ ብቻ ተጠንቀቁ።

ዓይናችሁ እየሄደ ልባችሁ ሌላ ቦታ የሚሆንበት ቀንም አለ። ይህን የምታውቁት ገጹን ስትገልጡ ከላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠፋችሁ ነው። ያኔ ከምዕራፉ መጀመሪያ አትነሱ። የመጨረሻውን የምታስታውሱትን ዓረፍተ ነገር ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ፣ ሁለት አንቀጽ ያህል ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ታሪኩ ይመለሳል። እስከ ገጽ 40 አንብባችሁም በየቀኑ እንዲህ የሚሆን ከሆነ መጽሐፉ ለእናንተ አልሆነም፤ ያለ ምንም ሐፍረት ለውጡት።

መጽሐፍ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል። አራት ሆናችሁ ተቧደኑ፤ እያንዳንዳችሁ አንዳንድ መጽሐፍ ከቤት፣ ከጎረቤት ወይም ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያዙ፣ በየወሩም ተቀያየሩ። በአራት ወር ውስጥ እያንዳንዳችሁ አራት መጽሐፍ ታነባላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ይመቻል።

ዛሬ ከሰልፉ ስትመለሱ ወረቀቱን ቅደዱ። በዕረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ በጣታችሁ ሦስት መጽሐፍ ፈትሹ፣ አንዱን ተዋሱ። ማታ የእራቱ ሳህን ሲነሳ 10 ደቂቃ አንብቡና ስንት ገጽ እንደሄዳችሁ ቁጠሩ፤ የመጀመሪያውን መስመር በዚያ ቁራጭ ላይ ጻፉ።