ዶን፣ ድኒፐር፣ ድኒስተር፦ ወንዞቹ በማን ቋንቋ ተሰየሙ?

ጥያቄ፦ «በአንድ አገር ውስጥ ከሁሉም የቆዩት ስሞች ብዙ ጊዜ የወንዝ ስሞች ናቸው ይባላል። ለመሆኑ ከወንዝ ስም ተነስቶ ቀድሞ ማን ይኖር እንደነበር ማወቅ ይቻላል?»

ይቻላል፤ ካርታ ብቻውን ግን ያሳስታል። እኔን አሳስቶኛል። ይህን ነገር ማጥናት የጀመርሁ ሰሞን «ዶን» የሚባሉትን የአውሮፓ ወንዞች በቀይ እርሳስ እያከበብሁ፣ አንድ ሕዝብ ከሩሲያ እስከ ስኮትላንድ ስሙን እየተከለ የሄደ መስሎኝ ነበር።

በሩሲያው ዶን ልጀምር። ዛሬ በዳርቻው የሚነገረው ሩሲያኛ ነው፤ በሩሲያኛ ግን «ዶን» ትርጉም የለውም። ትርጉሙ የተረፈው ከዚያ በስተደቡብ፣ በካውካሰስ ተራሮች በሚኖሩት ኦሴቲያውያን ዘንድ ነው። በእነርሱ ቋንቋ «ዶን» ውኃም ወንዝም ማለት ነው፤ አርዶን፣ ፊያግዶን የሚባሉ ወንዞችም አሏቸው። ኦሴትኛ ከኢራን ቋንቋዎች ወገን ሲሆን የዚሁ ወገን በሆነው በጥንታዊው የአቬስታ ቋንቋም «ዳኑ» ወንዝ ነው። ኦሴትኛ ከ«ን» በፊት የነበረውን «ኣ» ወደ «ኦ» ስለለወጠ «ዳን» የነበረው «ዶን» ሆነ። ይህ ለውጥ ሥርዓት ያለውና በሌሎች ቃላትም የሚታይ ስለሆነ ዝምድናውን የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ድኒፐርና ድኒስተርም ከዚሁ ቤት ናቸው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው የታሪክ ጸሐፊ ዮርዳኔስ «ዳናፔር» እና «ዳናስተር» ይላቸዋል፤ በሁለቱም መነሻ «ዳን» በግልጽ ይታያል። የቀረው የስሙ ክፍል ግን እስካሁን ያከራክራል። እነዚህን ወንዞች የሚያዋስነው የጥቁር ባሕር ሰሜናዊ ሜዳ እስኩቴሶችና ሳርማታውያን፣ ማለትም የኢራን ወገን ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ የኖሩበት ነው። እነርሱ ከሜዳው ቢጠፉም ስሙ ለስላቮች ተላለፈ። ትልቅ ወንዝ የብዙ ሰፈር ሰው የሚጠራው ስለሆነ አዲስ መጤም ከነባሩ ሰምቶ ይቀበላል። ትንሿን ጅረት ግን ሰፈሩን የያዘው ሁሉ እንዳሻው ይሰይማታል፤ ስለዚህ ከገባሮቹ ይልቅ ዋናውን ወንዝ አስቀድሙ።

ወደ ስኮትላንዱ ዶን ልመለስ። የጥንት ቅርጹ ሲፈለግ «ዴቮና» ወደሚል የኬልቶች፣ ማለትም በጥንት ዘመን በዚያ የኖሩ ሕዝቦች፣ ስም ይደርሳል፤ ሥሩም አምላክ ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነው። ከ«ዳኑ» ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ሁለቱ ስሞች ዘመን እያሳጠራቸው መጨረሻ ላይ ተመሳሰሉ። ቀይ ክቤን የሰረዝሁት በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የዛሬውን አጠራር ወደ ጎን ትቼ በጽሑፍ የተገኘውን ጥንታዊ ቅርጽ ሳላይ ስለ ወንዝ ስም አፌን አልከፍትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድኒፐርን የሚጠራው «ቦሪስቴኔስ» ብሎ ነው። «ዳናፔር» በጽሑፍ የሚታየው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያለው ስም የሚነግረን ስሙ ስለጸናለት ሕዝብ እንጂ በወንዙ ዳር መጀመሪያ ስለሰፈረው አይደለም።