ፓፓያና አናናስ ፕሮቲን ሲቆርጡ፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የምግብ ኬሚስትሪ ነው። ፕሮቲን ስለሚቆርጡት ሁለት ኢንዛይሞች፣ ስለ ፓፓያው ፓፔንና ስለ አናናሱ ብሮሜሌን፣ የመጡትን ጥያቄዎች በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

«ይቆርጣል ሲባል ምን ማለት ነው? ፓፓያ ቢላዋ የለው!»

ፕሮቲን ማለት በክር እንደተሰካ ዶቃ ተያይዞ የተጠቀለለ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። ፓፔን ራሱም የ212 ዶቃ ሰንሰለት ነው። በጎኑ ላይ ሸለቆ የመሰለ ቦይ አለው፤ በዚያ ቦይ ውስጥ የሌላ ፕሮቲን ሰባት ያህል ዶቃ ተዘርግቶ ይገባል። ከራሱ ከፓፔን ዶቃዎች 25ኛው ሰልፈር አለበት። ይህ ሰልፈር የገባውን ሰንሰለት መጋጠሚያ ያዝ ያደርጋል፤ ያኔ አንዱ ግማሽ ወዲያው ይለቀቃል፣ ሌላው ግማሽ ግን ሰልፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ውሃ ገብቶ ያላቅቀዋል። ፓፔኑ ምንም ሳይጎድልበት ወደሚቀጥለው ሰንሰለት ይሄዳል። ጥቂት ጠብታ ብዙ ሥጋ የሚያፈርሰው ለዚህ ነው። የአናናሱ ብሮሜሌንም በሰልፈር የሚሠራ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

«ምግብ ቤት አለኝ። የወርች ሥጋ በጥሬ ፓፓያ ዘፍዝፌ አሳድሬ ስጠብሰው ላዩ ሊጥ ሆነ፣ መሐሉ ግን እንደ በፊቱ ደረቅ ነው። ፓፓያው ተበላሽቶ ይሆን?»

ፓፓያው ደህና ነው፤ ጥፋቱ ማሳደሩ ነው። ኢንዛይሙ በራሱ ወደ ሥጋው ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ያገኘውን ላዩን ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆርጥ ያድራል። ደግሞ ፓፔን ከሌሎች ኢንዛይሞች የተለየ ጠባይ አለው፤ ሙቀት ይወዳል። ሥራው የሚፈጥነው በ65 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሥጋው መጥበሻው ላይ ቀስ እያለ ሲሞቅ ያ ሁሉ የተለቀለቀው ፓፔን በአንድ ጊዜ ይነሣል። ጠንካራው የጅማት ፕሮቲንም የሚላላው በዚያው ሙቀት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለፓፔን እጁን አይሰጥም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ጥሬ ፓፓያ በቂ ነው። ሥጋውን ቀጠን አድርጌ እከትፈዋለሁ፣ ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ፣ ፓፓያውን ጠርጌ እጥላለሁ፣ ከዚያ በጣም በጋለ ብረት ላይ ቶሎ እጠብሰዋለሁ። በጣት ስትጫኑት የሥጋው ክር ከታየና ተመልሶ ከተነሣ ደህና ነው። የጣታችሁ ጉድጓድ ከቀረ አልፎታል፤ ያኔ መምረርም ይጀምራል፤ ከተቆራረጡት አጫጭር ሰንሰለቶች አንዳንዶቹ መራራ ናቸውና።

«አናናስ ስበላ ምላሴን የሚያቃጥለኝ አሲዱ ነው፤ ኢንዛይም የምትሉት ማጋነን ነው።»

አሲዱ ድርሻ አለው፣ ልክ ነዎት። ግን ብሮሜሌኑም የአፍን የላይኛውን ፕሮቲን ይነካል፤ ያ ሲሆን አሲዱ የበለጠ ይሰማል። ከሁለቱ የቱ ይበልጣል የሚለው እንደ ሰዉና እንደ አናናሱ ይለያያል። የተነካው የአፍ ሽፋን ቶሎ ይተካል። በቤት መለየት ከፈለጉ ጥቂት አናናስ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው ይቅመሱ፤ አሲዱ አለ፣ ኢንዛይሙ ግን የለም።

«ቁርስ ላይ የበሰለ ፓፓያ እበላለሁ፣ ሆዴ ቀለል ይለኛል። ፓፔኑ ነው አይደል?»

ምናልባት ላይሆን ይችላል። ፓፔን የሚገኘው ጥሬውን ፓፓያ ሲጭሩት በሚወጣው ነጭ ወተት ውስጥ ነው። ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ወተቱ ይጠፋል፣ ፓፔኑም አብሮ። ለእርስዎ የሠራው ይበልጡን ውሃውና ቃጫው ይመስለኛል። አናናስ ግን ሌላ ነው፤ በስሎም ብሮሜሌን አለው፣ ግንዱ ደግሞ ከፍሬው ይበልጣል፤ ለንግድ የሚወጣውም በአብዛኛው ከግንዱ ነው።

ለማየት ጄላቲን በሁለት ብርጭቆ አዘጋጁ። አንዱ ላይ ትኩስ አናናስ፣ ሌላው ላይ የቆርቆሮ አናናስ ጨምራችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ። ጄላቲን ፕሮቲን ስለሆነ ትኩሱ ያለበት ሳይረጋ እንደ ውሃ ይቀራል። የቆርቆሮው ሲታሸግ በሙቀት ስላለፈ ኢንዛይሙ ሞቷል፤ እሱ ይረጋል።

«ነርስ ነኝ። የጨጓራ አሲድ ፓፔንን ወዲያው ይገድለዋል፤ ስለዚህ ለመፈጨት ጥቅሙ ዜሮ ነው ብዬ ለታካሚ እነግራለሁ።»

እህቴ፣ አብዛኛው ትክክል ነው፤ «ወዲያው» የሚለውን ግን ላላ አድርጊው። ባዶ ጨጓራ በጣም አሲዳማ ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች፣ ሲያንስ አሲዱ የሚበረታው፣ ከ3 ሲወርድ ፓፔን ይፈርሳል። ነገር ግን ሰው ሲበላ ምግቡ አሲዱን ያለዝበዋል፣ ለጥቂት ጊዜ ፒኤቹ ከፍ ይላል። በዚያ መስኮት ፓፔንም ብሮሜሌንም ጥቂት ሊቆርጡ ይችላሉ። ከዚያ አሲዱ ይመለሳል፤ ሥራውን የሚረከበው ደግሞ አሲድ የሚወደው የራሳችን ፔፕሲን ነው፣ በትንሹ አንጀት ውስጥም ከቆሽት የሚመጣው ትሪፕሲን። ሰንሰለቱ እስከ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ዶቃ ድረስ ተቆራርጦ በአንጀት ግድግዳ ያልፋል። ጤነኛ ሰው ይህን ሁሉ ያለ ፓፓያ በደንብ ስለሚያደርገው የፍሬው ጭማሪ ትንሽ ነው። አንጀት ድረስ እንዲደርስ በልባስ የተሸፈነ ክኒን ይሸጣል፤ ለጤነኛ ሰው የምግብ መፈጨት ይህ ያህል ይጠቅማል የሚለው ግን ገና አከራካሪ ነው።

«ሽሮ ይነፋኛል። ፓፓያ ብጨምርበትስ? ደግሞ ሥጋ ካቀለጠ የሆዴን ስብ አያቀልጥም?»

ሁለቱንም አይነካም። የሽሮ መንፋት የሚመጣው አንጀታችን ሊፈጨው ከማይችለው የጥራጥሬ ስኳር ነው፤ ባክቴሪያ ሲያገኘው ጋዝ ያወጣል። ስብም ፕሮቲን አይደለም። ፓፔን የዶቃ መጋጠሚያ እንጂ ሌላ አይቆርጥም።

«አባቴ የቆሽት ሕመም አለበት፣ ሰገራው ዘይት ይመስላል፣ ከስቷል። አናናስ ጭማቂ እየሰጠሁት ነው፤ ስንት ብርጭቆ ይበቃል?»

ስንትም ቢሆን አይበቃም፤ እባክዎ ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ዘይታማ ሰገራ ቆሽቱ ስብ የሚፈጨውን ኢንዛይም በበቂ እንደማያመርት ምልክት ሊሆን ይችላል። አናናስ ያ ኢንዛይም የለውም። ለዚህ የሚታዘዘው መድኃኒት ስብ፣ ስታርችና ፕሮቲን የሚፈጩ ሦስቱንም የያዘ ነው፤ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ሲሆን መጠኑም በሐኪም ይወሰናል። ጭማቂውን ከወደደው ይጠጣ፣ ግን በመድኃኒት ምትክ አይሁን። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ የብሮሜሌን ክኒን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ።

«ጄላቲኑን ሞከርኩ። አናናሱን አሙቄ ጨመርኩት፣ ግን አሁንም አልረጋም። ተሳስተሃል ማለት ነው?»

«አሙቄ» ያልከው ነገር ነው የሚያሳስበኝ፤ ምን ያህል? ለብ ማለት ኢንዛይሙን ያፈጥነዋል እንጂ አይገድለውም፤ ብሮሜሌን በ50 እና 60 ዲግሪ መካከል ደስ ብሎት ይሠራል። በደንብ እስኪፈላ ጠብቀህ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፣ ከዚያ አቀዝቅዘህ ጄላቲኑ ላይ ጨምረው። ያም ካልረጋ የጄላቲኑ መጠን አንሷል፤ ለመለየት ሦስተኛ ብርጭቆ ያለ ምንም ፍሬ አስቀምጥ።