ሞቃትና ቀዝቃዛ ፍሮንት፦ ጥያቄና መልስ

ጀማሪው፦ ፍሮንት የሁለት አየሮች ድንበር ነው፤ ሁለቱም ዓይነት የሚፈጠሩት ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ሲገናኙ ነው። ታዲያ አንዱ ነጎድጓድ፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ የማያባራ ዝናብ የሚያመጣው ለምንድን ነው?

ባሮሜትር፦ ተዳፋታቸው ስለሚለያይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ምንጊዜም ከሥር ይገባል፤ ሞቃቱ ከላዩ ይወጣል። በቀዝቃዛ ፍሮንት ቀዝቃዛው ወደፊት ሲገፋ መሬቱ የታችኛውን ክፍል ይይዘዋል፣ የላይኛው ግን ይፈጥናል። በዚህም ፊቱ ቀጥ ይላል፤ 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ለማለት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ይበቃዋል። ከፊቱ ያለው ሞቃትና እርጥብ አየር በአጭር ርቀት ሽቅብ ስለሚወረወር ኩሙሎኒምበስ የሚባለውን የነጎድጓድ ደመና ይሠራል። ዝናቡ ኃይለኛ ነው፣ ግን ጠባብ መስመር ስለሆነ ቶሎ ያልፋል።

በሞቃት ፍሮንት ደግሞ ቀዝቃዛው ሲያፈገፍግ ጅራቱ መሬት ላይ እየተጎተተ ይሳሳል። ሞቃቱ አየር በዚህ ጅራት ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ለማለት ከ150 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 150ን ይዘን እናስላው። ቀጭኑ ላባ መሳይ ሲረስ ደመና 8 ኪሎ ሜትር ላይ ከታየ፣ ፍሮንቱ መሬት ላይ ገና 1200 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ የሚደርሰው ከ40 ሰዓት በኋላ ነው። በመካከሉ ሲሮስትራተስ መጥቶ ፀሐይን በቀለበት ይከብባል፣ ከዚያ አልቶስትራተስ ያደበዝዛታል። ተዳፋቱ ከራሳችሁ በላይ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ 300 ኪሎ ሜትር ቀርቶታል፤ ኒምቦስትራተስ የሚባለው ወፍራም የዝናብ ደመና ለ10 ሰዓት ያህል ያዘንባል ማለት ነው።

ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሲረስ አይታችሁ ብቻ ዝናብ መጣ አትበሉ፤ ደመናው እየወፈረና እየወረደ ካልሄደ ሞቃት ፍሮንት እየመጣ ነው አይባልም።

ነጎድጓድ ወዳጅ፦ እንግዲህ ሞቃት ፍሮንት ነጎድጓድ የለውም ማለት ነው።

አብራሪው፦ አለው እንጂ! የሚወጣው አየር ያልረጋ ከሆነ ኩሙሎኒምበስ በኒምቦስትራተሱ ውስጥ ተሸሽጎ ይበቅላል። ለበረራ ከቀዝቃዛ ፍሮንት የባሰ አደገኛ ነው፤ በዓይን አይታይም።

ነጎድጓድ ወዳጅ፦ የባሰ እንኳ አልልም። ቢያንስ የቀዝቃዛው ይበዛል።

ባሮሜትር፦ አብራሪው ስለ ደመናው ልክ ነው። የትኛው ይብሳል የሚለውን ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ኮት ለባሹ፦ ሞቃት ፍሮንት እየመጣ ነው ተብሎ ሙሉ ቀን በረደን። ትንበያው ተሳስቶ ነው?

ባሮሜትር፦ አልተሳሳተም። ፍሮንቱ እስኪያልፍ ድረስ ያላችሁት ቀዝቃዛው አየር ውስጥ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ዝናብም እየተነነ ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። ሙቀቱ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። የታችኛው አየር ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ ዝናቡ መሬት ሲነካ በረዶ ሆኖ ይለጠፋል፤ ያን ጊዜ መንገድ ላይ አትውጡ።

መርከበኛ፦ ቀዝቃዛ ፍሮንት ሲያልፍ ነፋሱ ወዴት ይዞራል?

ባሮሜትር፦ በየትኛው ንፍቀ ክበብ? ይህን ሳትጽፉ ስለ ነፋስ አትጠይቁ። በሰሜኑ ብዙ ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በደቡቡ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምዕራብ።

መዝጋቢው፦ ከቀኑ 9 ሰዓት ሙቀቱ 27 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት፣ 18 ነበር። ነጎድጓድ መጣ። 10 ሰዓት ላይ 19 እና 17 ሆኑ፤ ግፊቱ በ2 ሄክቶፓስካል ጨመረ። ቀዝቃዛ ፍሮንት አለፈ አይደል?

ባሮሜትር፦ ከዚህ ብቻ አይባልም። ሙቀቱ 8 ዲግሪ ሲወርድ የጤዛ ነጥቡ 1 ዲግሪ ብቻ ነው የወረደው። አየሩ አልተቀየረም፤ ያው አየር ዝናብ አቀዝቅዞት ነው የሚመስለው። ነጎድጓድ የራሱን ቀዝቃዛ ነፋስ ወደ ታች ይለቃል፤ ቴርሞሜትር ላይ ቁርጥ ፍሮንት ይመስላል። እውነተኛ ፍሮንት ቢሆን ደረቅ አየር ስለሚከተል የጤዛ ነጥቡ ብዙ ወርዶ እዚያው ይቆይ ነበር፤ ግፊቱም ለሰዓታት መጨመሩን አያቆምም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የተነበበውን ላክልኝ።

መዝጋቢው፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት 21 እና 17። ግፊቱ 9 ሰዓት ወደነበረበት ተመልሷል።

ባሮሜትር፦ ተመለሰ? እንግዲያው ወደ ነጎድጓዱ ነፋስ አደላለሁ።

አብራሪው፦ ቆይ፣ ከፍሮንቱ በኋላ የሚመጣው አየርም ከባሕር የመጣ ከሆነ የጤዛ ነጥቡ ብዙም ላይወርድ ይችላል።

ባሮሜትር፦ እውነት ነው፤ ግን የግፊቱ መመለስ አይዋጥልኝም። ነፋሱስ?

መዝጋቢው፦ አቅጣጫውን አልመዘገብኩም።

ባሮሜትር፦ እንግዲያው አልፈርድም። ነፋስ የሌለበት መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው።

ዘግይቶ የመጣ፦ ነፋሱ ወዴት ነው የሚዞረው?

ባሮሜትር፦ ከላይ አንብብ። ንፍቀ ክበብ!

ጀማሪው፦ በምድር ወገብ አካባቢስ ፍሮንት አለ?

ባሮሜትር፦ እምብዛም። የአየር ክምችቶቹ ሙቀት ተቀራራቢ ስለሆነ ተዳፋት የሚሠራ ልዩነት የለም። እዚያ ያለው የነፋሳት መገናኛ ዝናብ ቢያመጣም ሌላ ነገር ነው።