ሽማግሌ ያፈራረመው ፍቺ ጋብቻን ያፈርሳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከባለቤቴ ጋር በቁርባን ተጋባን እንጂ ማዘጋጃ ቤት አልፈረምንም። አምና ሽማግሌዎች የመለያያ ውል አፈራርመውን፣ የዘጠኝ ዓመቱን ወንድ ልጃችንን ለአባቱ፣ የአራት ዓመቷን ለእኔ ሰጡ። አሁን እርሱ ሌላ ሊያገባ ነው። ልጄን ለማስመለስ ፍርድ ቤት ልሂድ ስል ዘመዶቼ «አማኝ አማኝን አይከስም» አሉኝ። መክሰሴ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አንቺም፣ እርሱም፣ ሽማግሌዎቹም ጋብቻው አብቅቷል ብላችኋል። አላበቃም። በሕግ ፊት ዛሬም ባልና ሚስት ናችሁ፤ በቤተ ክርስቲያንም ፊት እንደዚያው።

«ማዘጋጃ ስላልፈረምን መንግሥትን አያገባውም» የሚለውን ቃል ከብዙ ምእመናን ሰምቻለሁ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል የተፈጸመን ጋብቻ በውጤቱ እኩል ያደርጋል። የሚፈርስበት መንገድም አንድ ነው፤ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ይህ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ የሚሠራው ሕግ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው።

ሽማግሌዎቹን ግን አትውቀሻቸው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። አባቶቻችን በዚያ ሕግ ኖረዋልና ሥልጣኑ አሁንም በእጃቸው ያለ ይመስላቸዋል። አዲሱ ሕግ የተወላቸው ማስታረቅን ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከማለያየት ይልቅ ይህ ለሽማግሌ የሚበልጥ ክብር ነው።

ስለዚህ ባልሽ በዚያ ወረቀት ተማምኖ ሌላ ቢያገባ በትዳር ላይ ትዳር ደርቧል፤ ይህም በወንጀል ያስጠይቀዋል። ነገ እርሱ ቢሞት ሁለት ሴቶች «ሚስቱ ነኝ» ብለው በአንድ ቤት ይካሰሳሉ። ሙሴ ፍቺን የፈቀደው ስለ ልባችሁ ጥንካሬ ነው ብሎ ጌታ ነግሮናል (ማቴ. 19፥8)። ጽሕፈት የሌላት ሴት የማንም ሳትሆን ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ አንቺም ዛሬ እንዲሁ ነሽ።

በተቃራኒው ደግሞ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዘው መጥተው «ተፈታሁ፣ በተክሊል አጋቡኝ» የሚሉ አሉ። ፍርድ ቤት በመካከላችሁ ያለውን የንብረት፣ የልጅና የጥሪት ጉዳይ ይፈታል። «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው» የተባለውን ግን ዳኛ አይፈታውም። ያንን ቤተ ክርስቲያን ናት የምትመረምረው፤ ጌታም የተወው ምክንያት ዝሙትን ብቻ ነው (ማቴ. 19፥9)። አንቺ ብትለያዪ ጳውሎስ ያለሽን ታውቂያለሽ፤ ሳታገቢ ትኖሪያለሽ ወይም ትታረቂያለሽ (1ኛ ቆሮ. 7፥11)።

ዘመዶችሽ የጠቀሱልሽ 1ኛ ቆሮ. 6 ነው። እዚያ ጳውሎስ የገሠጸው ወንድሙን በጉባኤ ፊት ሊያዋርድና ሊነጥቅ በዓመፀኞች ዘንድ የሚከስሰውን ነው፤ «ብትበደሉ አይሻልምን?» ያላቸው ራሳቸውን ነው። የልጅሽን በደል ግን አንቺ ልትተዪለት አትችዪም፤ የእርሱ ነውና። ጳውሎስ ራሱ ሕይወቱ በተፈተነ ጊዜ «ወደ ቄሣር ይግባኝ እላለሁ» ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። ኃጢአት አይደለም።

አሁን ወደ ልጆቹ። ወንድ ለአባት፣ ሴት ለእናት የሚለው ክፍፍል ለሽማግሌ እኩል የሚያካፍል ይመስላል፤ የተካፈሉት ግን አብረው ያደጉ ወንድምና እኅት ናቸው። ሕጉ የልጁን ጾታ አያይም፤ የሚያየው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ነው። ስለዚህ «እናት ነኝ» ብቻ ብለሽ አትሂጂ። ልጁ ማን ጋር እንደሚያድር፣ ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሰው፣ ባልሽ ሲያገባ ማን እንደሚይዘው አስረጂ። ሁኔታው የተሻለው በአባቱ ቤት ከሆነም ያንን ለመስማት ተዘጋጂ።

ባልሽ ከተስማማ መንገዱ አጭር ነው። የሽማግሌዎቹን ውል አትቅደጂው፤ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት የተስማማችሁበትን አስተካክላችሁ ጽፋችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። ዳኛው ያነጋግራችኋል፤ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣችሁ ይችላል። ስምምነቱ ለልጆቹ የማይበጅ ከሆነ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የልጆቹን ነገር ራሱ ሊወስን ይችላል። ካልተስማማ አንቺ ብቻሽን ታመለክቻለሽ፤ ያኔም በመጀመሪያ በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች እንድትታረቁ ይጠይቃችኋል። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆቹ የት እንደሚቆዩና ማን እንደሚቀልባቸው ትእዛዝ እንዲሰጥልሽ ከማመልከቻሽ ጋር ጠይቂ፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል።

ከዚያ በፊት ግን የንስሐ አባትሽን ይዘሽ ባልሽን አንድ ጊዜ አነጋግሪው። የሚያገባትን ሴትም የሚያጋባውንም ካህን የዚህ ወረቀት ነገር አያውቁም ይሆናል፤ ሠርጉ ሳይደርስ ይወቁ።